«ትንሽ ተጋጭቷል»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ጎንደር ውስጥ በአንድ ሙአለ ሕፃናት የኬጂ 2 መምህርት ነኝ። ባለፈው ሳምንት በእረፍት ሰዓት፣ ረፋድ 4፡20 ላይ፣ አንድ የ5 ዓመት ልጅ ከሸርተቴው መሰላል ሦስተኛ መወጣጫ ላይ ጠጠሩ ላይ ወደቀ። የሌላ ልጅ ጫማ እያሰርኩ ስለነበር ሲወድቅ አላየሁትም። ልጆቹ ግን «እከሌ ገፍቶት ነው» አሉኝ። በግራ ግንባሩ በኩል፣ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ አበጠ። ሞግዚቷ ቅቤ ቀባችው። ከዚያ ክፍል ውስጥ ምንጣፍ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ተኛ፤ ቀን ቀን የሚተኛ ልጅ ግን አይደለም። ርዕሰ መምህርቷ «ብዙ አትጻፊ፣ ወላጅ ይደነግጣል፣ እኛም እንጠየቃለን» ስላለችኝ መገናኛ ደብተሩ ላይ «ሲጫወት ወድቆ ትንሽ ተጋጭቷል» ብዬ ጻፍኩ። ለሚያመላልሰው የባጃጅ ሹፌርም ይህንኑ ነገርኩት። ሌሊት ሁለት ጊዜ አስመለሰው፤ እናቱ የበላው ምግብ መስሏት አደረች። ጠዋት ሆስፒታል ስትወስደው ሐኪሙ ከምን ያህል ከፍታ እንደወደቀ፣ ራሱን ስቶ እንደነበር ጠየቃት፤ ምን ትበል? አንድ ቀን ክትትል ተደርጎለት በደህና ወጣ። አሁን ግን «ማን ነው የገፋው? ምን ደብቃችሁኝ ነው?» እያለችኝ ነው። ምኑን መናገር፣ ምኑን መተው ነበረብኝ? አሁንስ ምን ልበላት?

እህቴ፣ «በደህና ወጣ» የምትለዋ መስመር ላይ እስክደርስ ልቤ ተሰቅሎ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ወደ ነገሩ እንግባ።

መገናኛ ደብተሩ ላይ ስትጽፊ ማን እንዲያነበው አስበሽ ነበር? ነገሩ በሰላም እንዲያልፍ የፈለጉ ሰዎች የሚጽፉትን ነው የጻፍሽው፤ የጻፍሽው ለርዕሰ መምህርቷ ነው። አንባቢዋ ግን ሌላ ናት። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ልጇ ሲያስመልሰው ነቅታ፣ መብራት አብርታ ደብተሩን የምትገልጥ እናት ናት። ከእሷ ቀጥሎ ደግሞ ጠዋት በር ላይ ተቀብሎ የሚጠይቃት ሐኪም አለ። ስለ መውደቅ ለወላጅ ስትነግሪ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር ብለሽ ስትጨነቂ እነዚህን ሁለት ሰዎች ፊትሽ አቁሚያቸው። ለእነሱ የሚጠቅመው ሁሉ ይገባል፤ ለአንቺ ክብር ባይመችም ይገባል። ከዚያ ውጪ ያለው አብዛኛው ሊቀር ይችላል።

ከጻፍሻት አረፍተ ነገር ውስጥ እኔን የከነከነችኝ ቃል «ትንሽ» ናት። «ትንሽ» ያየሽው ነገር አይደለም፤ የፈረድሽው ነው። ይህን የምልሽ ከላይ ሆኜ እንዳይመስልሽ፤ እኔም በዚህችው ቃል ተቀጥቻለሁ።

የዛሬ 20 ዓመት ገደማ፣ እኔም ኬጂ ሳስተምር፣ አንዲት የ6 ዓመት ልጅ ከዥዋዥዌ ስትወርድ በእጇ ተመርኩዛ ወደቀች። ትንሽ አልቅሳ ዝም አለች። ጥግ ላይ ተቀምጣ ብስኩት ስትበላ አየኋትና «ተመስገን፣ ደህና ናት» አልኩ። ማታ ሊወስዷት ለመጡት አያቷ «እጇን ትንሽ መታት እንጂ ምንም አልሆነችም» አልኳቸው። እሳቸውም እንደነገርኳቸው አመኑኝና ወጌሻ ዘንድ ወስደው አሳሿት። በሦስተኛው ቀን ክርኗ አባብጦ ጣቶቿ ሲቀዘቅዙ ራጅ ተነሳች፤ ከክርኗ በላይ ያለው አጥንት ተሰብሮ ኖሯል። ያ ስብራት በዚያ ዕድሜ ያሉ ልጆች እጃቸውን ዘርግተው ሲወድቁ ደጋግሞ የሚያጋጥም ነው፤ መታሸት የለበትም፤ በጥብቅ ከታሰረማ ደም አቁሞ ክንድ እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ወጌሻው ላይ አልፈርድም፤ የተነገራቸው «ትንሽ መታት» ነው።

እህቴ፣ እስከ ዛሬ ያልወጣልኝ ምን መሰለሽ? ልጅቷ ብስኩቱን የበላችው በግራ እጇ ነበር። ቀኝ እጇን አጥፋ ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛው ነበር። ሥዕል ስንስል እንኳ በቀኟ አልሳለችም። አይቼዋለሁ! አይቼ ግን ለአያቷ የነገርኳቸው ያየሁትን ሳይሆን ከዚያ የደረስኩበትን ነው። «ከወደቀች ወዲህ ቀኝ እጇን አላንቀሳቀሰችም፣ በግራዋ ነው የበላችው» ብላቸው ኖሮ እሳቸው ሰባት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር።

ወደ አንቺው ልጅ እንመለስ። ሐኪሙ እናቲቱን የጠየቃት ለወሬ አይደለም። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ሲመጣለት ወዲያው ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ያስነሳ፣ ወይስ ጥቂት ሰዓት ተቀምጦ ይታይ፣ ወይስ ወደ ቤቱ ይሂድ የሚለውን የሚወስነው በዋናነት በሚነገረው ነገር ነው። ከፍታው አንዱ ነው። ሐኪሞች 2 ዓመት ላለፈው ልጅ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ የሆነ አወዳደቅን፣ ከዚያ ለሚያንሰው ሕፃን ደግሞ ከ90 ሳንቲሜትር በላይ የሆነውን እንደ ከባድ ያዩታል። «ከሸርተቴ ወደቀ» ብትይ ሐኪሙ ከጫፉ ላይ የወደቀ ሊመስለው ይችላል፤ «ሲጫወት ወደቀ» ብትይ ደግሞ ሲሮጥ ተደናቅፎ የወደቀ። የአንቺ ልጅ የወደቀው ከሦስተኛው መወጣጫ ነው፤ ያ ብቻውን ብዙ ነገር ይናገራል። ሜትር ባይኖርሽ በሰውነትሽ ለኪው፤ «ከጉልበቴ ከፍ ይላል»፣ «እስከ ወገቤ ነው» ይበቃል። የወደቀበትም መሬት እንዲሁ ነው፤ ሣር ሌላ፣ ጠጠር ሌላ፣ ሲሚንቶ ሌላ።

የተመታበት ቦታም ሌላው ነው። ግንባር መሀል ላይ የወጣ ጉብታ ያስፈራል እንጂ አጥንቱ ወፍራም ነው። ከጆሮ በላይ በጎን በኩል ያለው አጥንት ግን ስስ ነው፤ ከሥሩም የደም ሥር ያልፋል። ስለዚህ «ግንባሩ» ብቻ ብለሽ አትለፊው። «በግራ በኩል፣ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ» ያልሽኝን ለእኔ ጻፍሽልኝ፣ ለእናቱ ግን ሳትጽፊላት ቀረሽ።

ከሁሉም የሚከብደው የመጀመሪያዋ ደቂቃ ናት። ወዲያው አለቀሰ? ወይስ ዝም ብሎ ቆይቶ? ዓይኑን ገልጦ ነበር? ስሙን ስትጠሪው መለሰ? እዚህ ላይ አብዛኞቻችን መምህራን የምንሳሳተው በመዋሸት ሳይሆን በመሙላት ነው። ሲወድቅ ያላየነውን ስንደርስ ባየነው እንሞላዋለን፤ እያለቀሰ ካገኘነው «ራሱን አልሳተም» ብለን እንምላለን። አንቺ የሌላ ልጅ ጫማ እያሰርሽ ነበር። ወድቆ አሥር ሰኮንድ ዝም ብሎ ይሁን፣ እንደነካ ይጩህ፣ አታውቂም። ስለዚህ ትክክለኛው ቃል «ሲወድቅ አላየሁም፤ ስደርስ እያለቀሰ ነበር» የሚለው ነው። ቀጥሎ በአጠገቡ የነበረ ሰው ጠይቂ፤ ሞግዚቷ ወይም ጥበቃው ሲወድቅ አይተው ከሆነ እነሱ ያዩትን በእነሱ ስም ጻፊ። ሐኪም «አላየሁም»ን መጠቀም ይችላል፤ ከዚያ የበለጠ ይጠነቀቃል እንጂ አያንስም። በግምት የተሞላ «ራሱን አልሳተም» ግን ጥንቃቄውን ያስጥለዋል።

ከዚያ እንቅልፉ። ማስታወሻሽ ላይ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ መቅረት አልነበረበትም። ቀን የማይተኛ ልጅ ጭንቅላቱን ተመትቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ከተኛ፣ ያ ለእናቱ በዚያው ሰዓት በስልክ የሚነገር ነገር ነው። ቢተኛ ብቻውን ክፉ ምልክት ነው ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ልጆች አልቅሰው ሲደክማቸው ይተኛሉ። ግን ልማዱ መሆኑንና አለመሆኑን የምታውቁት አንቺና እናቱ ብቻ ናችሁ። ሲቀሰቀስ በቀላሉ ነቃ ወይ፣ ሲነሳ ቀጥ ብሎ ሄደ ወይ፣ መክሰሱን በላ ወይ፣ እነዚህም ይገባሉ። እሷ የማታውቀውን ባዶ ሰዓት አንቺ ነሽ የያዝሽው። ሌሊት ሲያስመልሰው «ምግብ ነው» ያለችው ለዚህ ነው፤ የቀኑ እንቅልፍ ቢነገራት ኖሮ ሁለቱን ገጥማ ታያቸው ነበር።

ቅቤውም ይጻፍ። ሞግዚቷን ለማስወቀስ አይደለም፤ የኛ አገር እናት ጉብታ ባየች ቁጥር ቅቤ ማንሳቷ ያለ ነው፣ እኔም ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ ተቀብቼ። ግን የተቀባና የታሸ እብጠት መልኩ ይለወጣል፤ ሐኪሙም ቆዳው ለምን እንደሚያብለጨልጭ ማወቅ አለበት። በእብጠት ላይ የሚበጀው ቀዝቃዛ ውኃ የነካ ጨርቅ ነው፣ አሥር ደቂቃ ያህል፣ ሳይታሽ። ከቅቤው የሚብሰው መድኃኒት ነው። ሽሮፕ ፓራሲታሞል የሰጠ ሰው ካለ ሰዓቱና መጠኑ ሳይጻፍ ልጁ ከግቢ አይውጣ፤ እናቱ ቤት ስትደርስ ደግማ ትሰጠዋለች። ባይሰጥ ደግሞ «መድኃኒት አልሰጠነውም» ተብሎ ይጻፍ፤ ያ ራሱ መረጃ ነው።

አሁን ባጃጁ። ደግ ሰው ነው ሹፌሩ፣ ስንቱን ልጅ በየቤቱ እያደረሰ፣ ግን የጭንቅላት ወሬ በባጃጅ አይላክም። የተላጠ ጉልበት፣ የተቧጨረ ክንድ በደብተር ይሂድ፤ ማንም አይሞትበትም። ጭንቅላት ከተመታ፣ አጥንት ከተጠራጠርሽ፣ ጥርስ ከተነቃነቀ፣ ዓይን ከተነካ ግን በዚያው ሰዓት ስልክ ነው። እናት ገበያ ላይ ሆና ካላነሳች አባት፣ አባት ካላነሳ አያት። ማን እንዳነሳና ስንት ሰዓት ላይ እንደነገርሽ ደብተሩ ላይ ይሰፍራል።

እኔ በአንቺ ቦታ 4፡45 ላይ ደውዬ የምለውን ልጻፍልሽ። በዚያ ሰዓት ልጁ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው ማለት ነው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ የልጅዎ መምህርት ነኝ። አሁን አጠገቤ ነው፤ ሳናግረው ይመልስልኛል። 4፡20 ላይ ከሸርተቴው መሰላል ሦስተኛ መወጣጫ ላይ ጠጠር ላይ ወድቋል፤ ከጉልበቴ ከፍ ይላል። እኔ ሲወድቅ አላየሁም፣ የሌላ ልጅ ጫማ እያሰርኩ ነበር፤ ስደርስ እያለቀሰ ነበር። ልጆቹ ሌላ ልጅ ገፋው ይላሉ። ግንባሩ በግራ በኩል፣ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ የግማሽ ሎሚ ያህል አብጧል። አልደማም። አላስመለሰውም። ሞግዚቷ ቅቤ ቀብታዋለች፣ መድኃኒት አልሰጠነውም። አሁን ግን እንቅልፍ እንቅልፍ እያለው ነው፣ ይህ ደግሞ ልማዱ አይደለም። ስለዚህ መጥተው ይዘውት ሐኪም ቢያየው ይሻላል እላለሁ። እስኪመጡ ከጎኑ አልነሳም።»

አየሽ፣ አንድ ደቂቃ አይሞላም። በመጀመሪያ አሁን ያለበትን ነገርሻት፤ እናት ይህን ሳትሰማ የቀረውን አትሰማም። «አይደንግጡ» አላልሽም፤ አይደንግጡ ተብሎ ያልደነገጠ ሰው አይቼ አላውቅም። «ምንም አልሆነም» አላልሽም፣ «ከባድ ነው»ም አላልሽም። ርዕሰ መምህርቷ የፈራችው ድንጋጤ የሚመጣው ከዝርዝር አይደለም፤ እናት ከልጇ አፍ ሌላ፣ ከደብተር ሌላ ስትሰማ ነው የሚመጣው።

ልጁ ከግቢ ከመውጣቱ በፊት ደብተሩ ላይ ያንኑ በአጭሩ ከነሰዓቱ ጽፈሽ ከሥሩ ይህችን ጨምሪ። «ዛሬና ነገ ሌሊት ይከታተሉት። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ሲሄድ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተንተባተበ፣ ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ደም ወይም ውኃ የመሰለ ነገር ከወጣ፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ወይም ካንቀጠቀጠው እስኪነጋ አይጠብቁ።» ይህን በየቀኑ መጻፍ አይጠበቅብሽም፤ አንድ ጊዜ በወረቀት አስባዝተሽ ቢሮ አስቀምጪና ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ደብተር ውስጥ አስገቢው። «እንዳታስተኙት» የሚለውን ግን አትጨምሪበት፤ ልጅ ይተኛ፣ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ቀስቅሰው እንደ ወትሮው መንቃቱን ይዩ፣ በቃ። እንቅልፍ መከልከል ልጁንም እናቱንም ማሰቃየት ነው፤ ከድካሙና ከሕመሙ የቱ እንደሆነም መለየት ያስቸግራል።

አሁን የሚተወው። ጥቂት ነው ግን አጥብቀሽ ተይው።

የገፋው ልጅ ስም ይቀራል። «ተገፋ» የሚለው ግን አይቀርም፤ ማታ እራት ላይ ልጁ ራሱ ይናገረዋል፤ አንቺ ዘለሽው እሱ ሲያወራው ነው ቅድም ያልኩሽ ድንጋጤ የሚመጣው። ያም ቢሆን «ልጆቹ ተገፋ ይላሉ፣ እኔ አላየሁም» ነው ቃሉ፤ የአምስት ዓመት ልጆች ምስክርነት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ሰው ይቀያይራል። ሁለት ልጆች አንድ መወጣጫ ላይ ሲሻሙ መገፋፋትም መግፋትም ይባላል።

ስሙን ለምን? እኔ ከክርኗ ነገር በፊት ሌላም ጥፋት አጥፍቻለሁ። አንዲት እናት አጥብቃ ስትጠይቀኝ የገፋችውን ልጅ ስም ነገርኳት። ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ግቢ ተከራይተው ቡና የሚጠራሩ ነበሩ። ልጆቹ በማግስቱ ሸርተቴው ላይ ተቃቅፈው ሲጫወቱ እናቶቹ ግን ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም፤ አንድ ደብር ሲሳለሙ እንኳ አንዷ በምሥራቅ በር አንዷ በምዕራብ በር። ጎንደር አርባ አራት ታቦት አላት ይባላል እንጂ መንደሩ ጠባብ ነው። በዚህ ሁሉ የተጎዳችው ያቺ ገፋች የተባለችው የአምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ግቢው ውስጥ «ያቺ ክፉ» ተባለች። ስለዚህ ለእናቱ እንዲህ በያት። «ልጆቹ ማንን እንዳሉ እናውቃለን፣ የዚያን ልጅ ወላጆችም እናነጋግራለን። ስም ግን ከእኔ አይስሙ፤ የእርስዎ ልጅ ሌላ ቀን ቢገፋ የእሱንም ስም አላወጣም።» ልጇ ነግሯት «እከሌ አይደለም እንዴ?» ብትልሽም ያው ነው፤ አትክጂም፣ አታረጋግጪም።

ግምትም ይቀራል። «ጭንቅላቱ ውስጥ ምንም የለም»፣ «ወለምታ ነው»፣ «ነርቭ ነክቶት ይሆናል»፣ ይህ የአንቺ ሥራ አይደለም። የልጁም ጠባይ ይቀራል። «እሱም እኮ አያርፍም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ከአፋችን በጣም ቶሎ ነው የምትወጣው፤ እውነት ብትሆንም በዚያ ቀን የምትሰማው እንደ ክስ ነው። ስለ ሌላ ቀን መነጋገር ካስፈለገ ሌላ ቀን አለ።

የቀረው አንቺን የሚመለከተው ነው፤ ከጥያቄሽ ሥርም ያለው ይህ ይመስለኛል። የት እንደነበርሽ ይነገር ወይ? አዎ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ጫማ እያሰርሽ ነበር፤ አርባ ልጅ ያለበት ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ጎንበስ ማለቱ አይቀርም። ከዚያ በላይ ማብራሪያ፣ ይቅርታው ላይ ይቅርታ፣ «ሰው አነሰን፣ ስንት ጊዜ ተናገርኩ» የሚለው ስሞታ ለእናቱ አይደለም። ያ ለርዕሰ መምህርቷ ነው፤ በእረፍት ሰዓት ሸርተቴው ሥር ሁልጊዜ አንድ ሰው ይቁም ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

ከርዕሰ መምህርቷ ጋር አትጣዪ፤ ከጀርባዋም አትሂጂ። «እንጠየቃለን» ስትልሽ «እትዬ፣ የሚያስጠይቀን የጻፍነው ሳይሆን ያልጻፍነው ሆነ እኮ» በያት፤ ባለፈው ሳምንት የሆነው ይበቃል ማስረጃ። የአደጋ መዝገብ የላችሁ ይመስለኛል። አንድ ጠንካራ ደብተር ግዙና ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ያየው ሰው፣ የተደረገው፣ ወላጅ የተነገረበት ሰዓትና የተናገረው ሰው ስም በዚያው ቀን ይግባበት። እዚያ ላይ የገፋው ልጅ ስም ሊጻፍ ይችላል፤ መዝገቡ ግን ከቢሮ አይወጣም። ወደ ወላጅ የሚሄደው ደብተር ሌላ፣ መዝገቡ ሌላ።

አሁን ደግሞ እናቱ። በስልክ አትጨርሺው፤ ሂጂ። ርዕሰ መምህርቷ አብራሽ ብትመጣ መልካም፣ ካልመጣችም አስታውቀሻት ሂጂ። ለመጠየቅ እንደሚሄድ ሰው ብርቱካን ይዘሽ፣ ቡና ቢቀርብልሽም እንኳ ከቡናው በፊት ተናገሪ፤ ከቡናው በኋላ የሚወጣ እውነት የተለመነ ይመስላል። «ያልነገርኩዎት ነገር አለ» ብለሽ ጀምሪና ከላይ በስልክ እንደጻፍኩልሽ በቅደም ተከተል ንገሪያት፣ እንቅልፉን ጨምሮ። «እንቅልፉን በዚያው ቀን ልነግርዎት ይገባ ነበር፣ አልነገርኩም፤ ጥፋቴ ነው» በያት፤ «ታዝዤ ነው» ግን አትበይ፤ እውነት ቢሆንም እዚያ ቤት የሚጠቅመው የለም። ትቆጣ ይሆናል። ትቆጣ።

ከመሄድሽ በፊት ሜትር ይዘሽ ሦስተኛዋን መወጣጫ ለኪ፤ መነቃነቋንም እይ። ያገኘሽውን ቁጥር ከሰዓቶቹ ጋር በአንድ ወረቀት ጽፈሽ ስጫት፤ ለክትትል ተመለሱ ተብለው ከሆነ ለሐኪሙ ታሳየዋለች።